የውርስ ወርቅ ሲሸጡ፦ መዝኖ፣ ለይቶ፣ በንጹሕ ግራም ቆጥሮ መደራደር

ወርቅ ገዢ የሚከፍለው ለጌጡ አይደለም፤ በጌጡ ውስጥ ላለው ንጹሕ ወርቅ ነው። ሀብሉ ሲገዛ የተከፈለው ገንዘብ የአንጥረኛውን የእጅ ዋጋ፣ የነጋዴውን ትርፍና ግብሩን ያካተተ ነበር። ሲሸጥ እነዚህ ተመልሰው አይመጡም። ገዢው ጌጡን ገና ሲያየው በሐሳቡ አቅልጦታል፤ የሚያሰላውም ከማቅለጫው የሚወጣውን ብቻ ነው። ሻጩም ይህንኑ ስሌት አስቀድሞ ቤቱ ሠርቶ ካልሄደ፣ የተጠራለት ዋጋ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።

የውርስ ወርቅ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ራሱ የገዛ ሰው ካራቱን ያውቃል፣ ደረሰኝም ሊኖረው ይችላል። የወረሰ ሰው እጅ የሚገባው ግን ድብልቅ ነው፦ በተለያየ ጊዜ የተሰበሰበ፣ ካራቱ የተለያየ፣ አንዳንዱ ማኅተሙ በመልበስ ብዛት የጠፋ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ወርቅ ያልሆነ። ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት ሚዛን ማጭበርበርን ነው። እኔ ግን ከሚዛኑ በላይ የሚያስፈራኝ ድብልቁ ነው። ገዢው ሁሉንም ባንድ ላይ አድርጎ በዝቅተኛው ካራት ሲገምተው፣ ማንም ሳይዋሽ ብዙ ወርቅ በነጻ ይሄዳል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አንድ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ያለዎትንም የቀረበልዎትንም በንጹሕ ወርቅ ግራም ይቁጠሩ። የገበያ ዋጋ በየሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል፤ በእጅዎ ያለው ንጹሕ ግራም ግን አይለወጥም።

1. ከሚዛን በፊት የሚለዩት

መጀመሪያ መሸጥ የማይገባውን ያውጡ። ሌሎች ወራሾች ካሉ ሁሉም መስማማታቸውን በጽሑፍ ይያዙ፤ በየአገሩ የውርስና የግብር ሕጉ ስለሚለያይ፣ ገዢው የባለቤትነት ወይም የወራሽነት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል ሰነዱን አስቀድመው ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ጌጥ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያንሱ። ማኅተሙን በቅርብ ያንሱት።

ከዚያ ከወርቁ ክብደት በላይ ሊያወጡ የሚችሉትን ለብቻ ያስቀምጡ። የወርቅ ሳንቲም፣ የታወቀ ሠሪ ስም የተቀረጸበት ጌጥ፣ በእጅ የተሠራ አሮጌና ያልተለመደ ሥራ፣ ትልቅ ፈርጥ ያለበት ቀለበት ለሚያቀልጥ ገዢ መታየት የለባቸውም። ለእርሱ ሁሉም ያው ብረት ነው። እነዚህን የሚያዩት የጥንት ጌጣጌጥ፣ የሳንቲም ወይም የከበሩ ድንጋዮች ገማቾች ናቸው፤ ገማቹም ራሱ ሊገዛዎት የማይፈልግ ሰው ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ደረጃ ምንም ነገር አይወልውሉ፣ አያስጠግኑ፣ ፈርጥ አይንቀሉ። ለሚቀልጥ ጌጥ ማጽዳት ዋጋ አይጨምርም፣ አሮጌ ሥራን ግን ሊያበላሽ ይችላል።

2. ማኅተሙን ማንበብ

ካራት ማለት ከ24 ክፍል ውስጥ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ባለ 18 ካራት ማለት 18 እጅ ወርቅ፣ 6 እጅ ደግሞ ብር፣ መዳብ፣ ዚንክ ወይም ሌላ ማዕድን ማለት ነው። ማኅተሙ ካራቱን በቀጥታ ካልጻፈ ከሺህ ስንት እንደሆነ ይጽፋል። 916 ማለት ባለ 22፣ 875 ባለ 21፣ 750 ባለ 18፣ 585 ወይም በድሮው 583 ባለ 14፣ 417 ባለ 10፣ 375 ባለ 9 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በቀለበት ውስጠኛ ገጽ፣ በሀብል መቆለፊያ አጠገብ ባለች ትንሽ ሰሌዳ፣ በጉትቻ ዘንግ ላይ ይገኛሉ። አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል፤ የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየትም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

925 የሚል ካገኙ ብር ነው፤ ከላይ ወርቅ ቢመስልም የተቀባ ብር ነው። ከካራቱ ቁጥር ቀጥሎ «ጂ» እና «ፒ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ ወርቅ ቅብ ነው። «ጂ» እና «ኤፍ» ካሉ ደግሞ በላዩ ወፈር ያለ የወርቅ ንጣፍ የተለበጠበት ሌላ ብረት ነው። እንዲህ ያለውን ከወርቁ ክምር ያውጡት፤ በሙሉ ካራቱ አይታሰብም።

ማኅተም ምስክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። መቆለፊያው ከጊዜ በኋላ ተቀይሮ ማኅተሙ የመቆለፊያው ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያያይዘው ብየዳም ከጌጡ ካራት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በቀጭን ሰንሰለት ላይ ብየዳው ብዙ ስለሆነ ሲቀልጥ ከማኅተሙ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይደነቅም። ማኅተም የሌለው ጌጥም ወርቅ አይደለም ማለት አይደለም፤ በእጅ የተሠራ ብዙ ወርቅ ማኅተም የለውም።

ማግኔት ይጠቀሙ፣ ግን አይመኑት። ጠንካራ ማግኔት የሳበው ነገር ወርቅ አይደለም። የመቆለፊያውን ሞላ ብቻ ከሳበ የብረት ሞላ ነውና አይደንግጡ። ማግኔት ያልሳበው ግን ናስም፣ መዳብም፣ ብርም ሊሆን ይችላል።

3. ቤት ውስጥ መመዘን

እስከ መቶኛ ግራም የሚያሳይ፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ይግዙ ወይም ይዋሱ። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም። ክብደቱ በይፋ የታወቀ አዲስ ሳንቲም ወይም ከሚዛኑ ጋር የሚመጣውን የመለኪያ ክብደት አስቀምጠው ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

በየካራቱ ከፋፍለው እያንዳንዱን ጌጥ ለየብቻ መዝነው ይጻፉ። ፈርጥ ካለበት ከነፈርጡ ይመዝኑትና ፈርጡ ስንት ሊሆን እንደሚችል ጎን ላይ ይጻፉ። የድንጋይ ክብደትም በካራት ይነገራል፤ ያ ግን ሌላ ካራት ነው፤ የንጽሕና ሳይሆን የክብደት መለኪያ ሲሆን አንዱ 0.2 ግራም ነው። ገዢ የፈርጡን ክብደት መቀነሱ ትክክል ነው። ትክክል የማይሆነው ሳይለካ በግምት ብዙ አድርጎ ሲቀንስ ነው።

ማኅተም የሌለውን ጌጥ በውሃ መፈተን ይቻላል። ወርቅ በጣም ከባድ ስለሆነ ካራቱ ሲወርድ እፍጋቱም ይወርዳል። አሠራሩ ይህ ነው። ጌጡን በደረቁ ይመዝኑ። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ጌጡን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ወለሉንም ግድግዳውንም መንካት የለበትም። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ጌጡ የገፋው የውሃ ክብደት ነው። ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

ለቢጫ ወርቅ ውጤቱ 17.7 አካባቢ ከሆነ ባለ 22፣ 15.5 አካባቢ ከሆነ ባለ 18፣ 13 አካባቢ ከሆነ ባለ 14 ሊሆን ይችላል። ናስ 8.5 አካባቢ፣ ብር 10.5 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝና አሥር ካገኙ ተስፋ አያድርጉ። ሰንሰለት ላይ የአየር አረፋ ይጣበቃል፤ አረፋው ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ጌጡን ቀስ አድርገው ያወዛውዙት። ዘዴው ውስጡ ክፍት በሆነ፣ ፈርጥ ባለበት ወይም ከሁለትና ሦስት ግራም በታች በሆነ ጌጥ ላይ አይሠራም። ገዢውም በዚህ ውጤት አይገዛዎትም። ጥቅሙ ለእርስዎ ነው፤ «ይሄ ባለ 14 ነው» ሲባሉ እንደገና ይፈተንልኝ ለማለት የሚያበቃ ምክንያት ይሰጥዎታል።

4. ስሌቱ፣ በምሳሌ

አባታቸው የተዉላቸውን ወርቅ ለመሸጥ የተስማሙ ሦስት ልጆች አሉ እንበል። ማኅተሙን አንብበው፣ መዝነው የጻፉት እንዲህ ይላል፦

- ሀብል፣ ማኅተሙ 750፣ 24.6 ግራም
- አምባር፣ ማኅተሙ 875፣ 18.2 ግራም
- ቀይ ፈርጥ ያለው ቀለበት፣ ማኅተሙ 585፣ ከነፈርጡ 5.8 ግራም
- ወፍራም ሰንሰለት፣ ማኅተም የሌለው፣ 12.4 ግራም

ሰንሰለቱ በውሃ ሲፈተን የገፋው ውሃ 0.81 ግራም ሆነ። 12.4 ለ0.81 ሲካፈል 15.3 ይመጣል። ንባቡ በ0.02 ግራም ቢሳሳት እንኳ ውጤቱ ከ14.9 እስከ 15.7 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህ ለባለ 14 በጣም ከፍ ያለ፣ ለባለ 21 በጣም ዝቅ ያለ ነውና ሰንሰለቱን ባለ 18 ብለው ያዙት። የቀለበቱን ፈርጥ 6 ካራት፣ ማለትም 1.2 ግራም ብለው ገመቱና ለወርቁ 4.6 ግራም ተዉ።

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደት ሲባዛ በንጽሕና።

```
ሀብል      24.6 × 0.750 = 18.45
አምባር     18.2 × 0.875 = 15.93
ቀለበት     4.6 × 0.585 =  2.69
ሰንሰለት   12.4 × 0.750 =  9.30
ድምር               46.37 ግራም ንጹሕ
```

ሚዛን ላይ 61 ግራም የሚመዝነው ክምር ውስጥ 46.37 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ ማለት ነው። የዚህን ዋጋ ለማወቅ የዕለቱን የዓለም ገበያ ዋጋ ይፈልጉ። ዋጋው የሚነገረው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ ትሮይ አውንስ 31.1035 ግራም ነው። የተለመደው አውንስ 28.35 ግራም ስለሆነ ሁለቱን አያምታቱ። ያገኙትን የአውንስ ዋጋ ለ31.1035 ሲያካፍሉ የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ ያገኛሉ። ለምሳሌያችን እንዲመች የግራሙ ዋጋ 100 ነው እንበል። ያ ክምር በሙሉ ዋጋው 4,637 ነው።

ይህን 4,637 ማንም አይከፍልዎትም። ገዢው ወርቁን ለማንጠሪያ ቤት ሲልክ ያስከፍሉታል፣ ሲቀልጥ ጥቂት ይጠፋል፣ ገንዘቡ በእጁ እስኪመለስ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል፣ ትርፍም ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው «ሙሉውን ይከፍላል ወይ» ሳይሆን «ከመቶ ስንት ይከፍላል» ነው። መቶኛው ከገዢ ገዢ በጣም ይለያያል። ማስታወቂያ የሚያበዛና ውድ ኪራይ የሚከፍል ገዢ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። ወደ ማንጠሪያው የቀረበ ገዢ ከፍ ያደርጋል፣ ግን ትንሽ መጠን አልቀበልም ሊል ወይም ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ሊያስከፍል ይችላል። ያ ቋሚ ክፍያ ለ5 ግራም ጌጥ ከባድ፣ ለ60 ግራም ቀላል ነውና መቶኛውን ከክፍያው ጋር አብረው ያስሉት።

አሁን ሁለት ገዢዎች እናምጣ። የመጀመሪያው ክምሩን በሙሉ ሚዛን ላይ ጣለና «61 ግራም፣ የተደባለቀ ስለሆነ ባለ 14 ብዬ እይዘዋለሁ፣ ከገበያው ግን 90 በመቶ እከፍላለሁ» አለ። ሁለተኛው ለየብቻ ፈትኖ፣ ፈርጡን ቀንሶ፣ «85 በመቶ» አለ። 90 ከ85 ይበልጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ይመርጣል።

የመጀመሪያው ስሌት 61 ሲባዛ በ0.585 ነው፤ 35.69 ግራም ይሆናል። የዚህ 90 በመቶ 32.12 ግራም ነው፤ ገንዘቡ 3,212። የሁለተኛው 46.37 ሲባዛ በ0.85 ነው፤ 39.41 ግራም፣ ገንዘቡ 3,941። የመጀመሪያው ፈርጡን እንኳ እንደ ወርቅ ቆጥሮ፣ 90 በመቶ ብሎ፣ በትክክል የከፈለው ከነበረው ንጹሕ ወርቅ 69 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አልዋሸም፤ 90 በመቶው ትክክለኛ 90 በመቶ ነው፣ የተሳሳተው መቶኛው የተወሰደበት ቁጥር ነው።

ስለዚህ ማንኛውም ዋጋ ሲጠራልዎት ወደዚህ አንድ ስሌት ይመልሱት፦ የተጠራው ገንዘብ ለዕለቱ የግራም ዋጋ ይካፈል፤ ውጤቱ እርስዎ ቤት ለቆጠሩት ንጹሕ ግራም ይካፈል። የሚወጣው መቶኛ ሰኞ የተጠራን ዋጋ ከሐሙሱ ጋር ለማወዳደርም ያገለግላል፣ ምክንያቱም የገበያው መውጣትና መውረድ ከስሌቱ ይወጣል።

5. ገዢው ፊት ሲቀርቡ

ከአንድ በላይ ገዢ ዘንድ ይሂዱ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ቢያደርጉት ማወዳደሩ ይቀላል። ብቻዎን አይሂዱ። አብሮ የሚሄደው ሰው ወርቁን ከዓይኑ የማያወጣ ይሁን፤ እርስዎ ስታወሩ እሱ ይይ። ጌጡ ለፈተና ወደ ጓዳ አይግባ። በግልጽ ፊትዎ የማይፈትን ገዢ ካለ ሌላ ገዢ አለ።

ያዘጋጁትን ዝርዝር መጀመሪያ አያሳዩ። እነሱ ምን እንደሚያገኙ ይጠብቁ። ጌጦቹን በየካራታቸው ለይተው በትናንሽ ላስቲኮች ይዘው ይግቡና እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦

«እነዚህን እንዲመዝኑልኝ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻ ይመዘንልኝ፣ ካራቱም ለየብቻ ይነገረኝ።»

ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ መሆኑን ይዩ። ከዚያ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል ይመልከቱ። `g` ግራም ነው። `dwt` ግን ፔኒዌይት የሚባል ሌላ መለኪያ ነው፤ አንዱ 1.555 ግራም ነው። የ24.6 ግራሙ ሀብል በዚህ ሚዛን 15.8 ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ ሲቀንስ አይተው ካልጠየቁ፣ የግራም ዋጋ በ15.8 ተባዝቶ ሊከፈልዎት ይችላል፤ ከሲሶው በላይ ይጎድላል። ቤት መዝነው ከሄዱ ግን ይህን ለማወቅ ፊደሉን ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፣ ልዩነቱ ራሱ ይጮኻል። ከ0.1 ግራም ያልበለጠ ልዩነት ግን የሚዛን ጠባይ ነውና በእሱ አይጨቃጨቁ።

ቀጥሎ ፈተናው ነው። የቆየው ዘዴ መፈተኛ ድንጋይ ነው። ጌጡ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይፈተጋል፣ የወርቅ መስመር ይቀራል፣ በመስመሩ ላይ ለየካራቱ የተዘጋጀ አሲድ ይንጠባጠባል። የባለ 18 አሲድ ሲፈስበት መስመሩ ካልጠፋ ጌጡ ቢያንስ ባለ 18 ነው፤ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ከዚያ በታች ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ግን እጅና ዓይን ይጠይቃል፤ 20 እና 21ን በርግጠኝነት አይለይም። ጌጡ ቅብ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ገዢ ትንሽ በሞረድ ቆርጦ ውስጡን መፈተን ይፈልጋል። ያ የተለመደ ነው፣ ግን ሳያስፈቅድዎት መሆን የለበትም፤ ምክንያቱም ካልተስማማችሁ የተቆረጠ ጌጥ ይዘው የሚመለሱት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው በኤክስሬይ የሚያነብ መሣሪያ ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወርቁ ከመቶ ስንት፣ መዳቡ ስንት፣ ብሩ ስንት እንደሆነ ያሳያል፤ ጌጡንም አይጎዳም። ድክመቱ የሚያነበው ስስ የሆነውን የላይኛውን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። ወፈር ያለ ቅብ ሊያታልለው ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ ጨረሩ ብየዳ ወይም መቆለፊያ ላይ ካረፈ ጥሩውን ሀብል ዝቅ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ሀብሉን ከመቆለፊያው ርቆ፣ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ እንዲያነቡልዎት ይጠይቁ። ሦስቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ይመኑት። ነጭ ወርቅ ላይ ብዙ ጊዜ ሮዲየም የተባለ ቅብ ስላለ ንባቡ ሊዛባ ይችላል፤ እዚያ ላይ ትንሽ ፍተጋ ያስፈልጋል።

ለብዙ ግራም ትክክለኛው ፍርድ የሚሰጠው ሲቀልጥ ነው። ቀልጦ አንድ ወጥ ሲሆን ከሱ ላይ ናሙና ተወስዶ ይፈተናል፣ ብየዳውም ድብልቁም አብሮ ይቆጠራል። ችግሩ አንዴ ከቀለጠ በኋላ መልሼ ልውሰደው ቢሉ የሚወስዱት የወርቅ ቁራጭ መሆኑ ነው። ማቅለጡ ከመጀመሩ በፊት መቶኛውን፣ ክፍያውንና ሲቀልጥ የሚጎድለውን ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ ሳይዙ አይፍቀዱ።

6. ፈርጡ፣ ቅናሹና «ዛሬ ብቻ»

ወርቅ የሚያቀልጥ ገዢ ለትናንሽ ፈርጦች ብዙ ጊዜ ምንም አይከፍልም፣ ክብደታቸውን ግን ይቀንሳል። ሁለቱን ማድረጉ ተገቢ ነው፣ ፈርጡን ማስቀረቱ ግን አይደለም። «ካልከፈሉበት ተነቅሎ ይመለስልኝ» ይበሉ። ሲነቀልም የተነቀለው ይመዘን፤ ያኔ ቅናሹ ግምት መሆኑ ይቀራል። በምሳሌያችን ገዢው ለቀይዋ ፈርጥ 2 ግራም ልቀንስ ቢል፣ ተነቅላ ስትመዘን 1.2 ብቻ ከሆነች 0.8 ግራም ባለ 14 ወርቅ አተረፉ ማለት ነው። መንቀሉ ያስከፍላል ካሉም ከዚህ ጋር ያመዛዝኑት። ፈርጡ ዋጋ ያለው ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ደግሞ ቀለበቱን ለብቻ አድርገው ለድንጋይ ገማች ይውሰዱት፤ በእሳት የሚሰነጠቁ ድንጋዮች አሉና አንጥረኛ በችኮላ አይንቀለው።

ውስጣቸው ክፍት የሆኑ አምባሮችና ጉትቻዎች አንዳንዴ ቅርጻቸው እንዳይጎብጥ ሙጫ መሰል ነገር ይሞላባቸዋል። በውሃ ሲፈተኑ እጅግ ቀላል ሆነው ከተገኙና ማኅተማቸው ግን ጥሩ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ወይም ውስጣቸው የታሸገ አየር ሊሆን ይችላል። እነዚህን ገዢው ቆርጦ ሳያይ ሙሉ ክብደታቸውን አይከፍልም፤ ለብቻ ይደራደሩባቸው እንጂ የደህናውን ወርቅ ዋጋ ይዘው እንዲወርዱ አይፍቀዱ።

የመጨረሻው ግፊት ብዙ ጊዜ በጊዜ ይመጣል። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ ወርቅ ሊወርድ ይችላል።» ሊወርድ ይችላል፣ እውነት ነው፤ ሊወጣም ይችላል። የሚመልሱት እንዲህ ነው፦ «የገበያውን ዋጋ አልጠይቅዎትም። ከዕለቱ ዋጋ ስንት በመቶ እንደሚከፍሉኝ ይንገሩኝ፣ ነገ ብመጣ በዚያው መቶኛ ያሰሉልኛል?» ቀና ገዢ ለዚህ መልስ አለው። መቶኛውን መናገር የማይፈልግ፣ «ለሁሉም ይህን ያህል» ከሚል ቁጥር የማይወጣ ገዢ ጋር ጊዜ አያጥፉ።

ሌላ ገዢ የሰጠዎትን መቶኛ ይዘው ሲደራደሩ የተጻፈ ነገር ያሳዩ። ስለዚህ ከየገዢው ሲወጡ ካራቱን፣ ክብደቱንና መቶኛውን በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። በፖስታ ላኩልን የሚሉ ገዢዎችን እኔ አልመክርም፤ ወርቁ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ድርድር ድርድር አይደለም።

ሲስማሙ ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ክምር ክብደት፣ ካራትና ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ መግባቱንም ሳያረጋግጡ ወርቁን አይልቀቁ።

7. ከወራሾቹ አንዱ ጌጡን ማስቀረት ቢፈልግ

የሦስቱን ልጆች ጉዳይ እንጨርሰው። ሁለተኛው ገዢ ያለው 85 በመቶ ጸና እንበል፤ ታናሽ እህታቸው ግን አምባሩ እንዲሸጥ አልፈለገችም። በስንት ይያዝባት?

አንዳንድ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይጋጫል። አንዱ «ሙሉ የገበያ ዋጋውን ትክፈል» ይላል። ይህ እሷን ይጎዳታል፤ ቢሸጥ ሙሉው ለማንም አይመጣም ነበርና። ሁሉም በአንድ መቶኛ ይያዝ። አምባሩ 15.93 ግራም ንጹሕ ስለሆነ በ85 በመቶ 13.54 ግራም ነው። ሁሉም ቢሸጥ ኖሮ የሚገኘው 39.41 ግራም ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 13.14 ይደርሳል። እሷ አምባሩን ስትወስድ ከድርሻዋ በ0.40 ግራም በልጣለች፤ በምሳሌያችን ዋጋ 40 ማለት ነው። ይህን ለሁለቱ ወንድሞቿ 20፣ 20 አድርጋ ትሰጣለች። ቀሪው ወርቅ ሲሸጥ 25.87 ግራም፣ ማለትም 2,587 ያመጣል፤ እያንዳንዳቸው 1,294 ገደማ ወስደው፣ በ20ዋ ሲሞላ 1,314 ይሆናል። የእሷም ድርሻ፣ 1,354 የሚያወጣው አምባር 40ው ሲቀነስለት፣ ያው 1,314 ነው።